የጠፋው ደረሰኝና ሠላሳው ቀን

ደብዳቤው አሥራ አንድ ቀን ማቀዝቀዣው ላይ ተቀምጧል። አሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ የሚኖረው የኡበር ሾፌር ከሌሊት ሥራ ሲመለስ ከሱፐርማርኬት ማስታወቂያዎች መካከል አገኘው። የላኪውን ስም አነበበ፤ አይአርኤስ ይላል። ሳይከፍት አስቀመጠውና ቅዳሜ እከፍተዋለሁ አለ። ቅዳሜ ሥራ በዛበት፣ እሑድ ቤተ ክርስቲያን ሄደ። በመጨረሻ የከፈተችው ባለቤቱ ናት። መልስ እንዲሰጥ ከተፈቀዱለት 30 ቀናት ውስጥ ከሲሶው በላይ ያኔ አልቆ ነበር።

ይህ ሾፌር አንድ የተወሰነ ሰው አይደለም። በዋሽንግተን ዙሪያ ኡበርና ታክሲ የሚነዱ የአገሬ ልጆችን የግብር ወረቀት ለዓመታት አብሬ ሳገላብጥ ካየኋቸው ጉዳዮች አንድ አድርጌ የገጣጠምኩት ነው። ቁጥሮቹንም ለማስረዳት እንዲመቹ እኔ አስተካክያቸዋለሁ። የሚሠራበት ሕግ ግን እውነተኛው የአሜሪካ ሕግ ነው። ዓመቶቹና ቀኖቹም በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።

ደብዳቤው ምን እንደሚል በእርጋታ ማንበብ ከሥራው ግማሽ ነው። የሾፌሩ ደብዳቤ የ2023 የግብር ማስታወቂያው ለምርመራ መመረጡን ይገልጻል። ከዚያም የተመረመሩትን መስመሮች ይዘረዝራል፤ እነሱም ስኬጁል ሲ ላይ የተሞሉት የመኪና ወጪ፣ የስልክ፣ የመንገድ ክፍያና የልዩ ልዩ ዕቃ ወጪዎች ናቸው። ሌላ ምንም አልተጠየቀም። ስለ ቤቱ፣ ስለ ሚስቱ ሥራ፣ ስለ 2022 የተነሳ ነገር የለም። ሰው ሲደነግጥ ያለውን ወረቀት ሁሉ በካርቶን ሞልቶ መላክ ያምረዋል። መርማሪው ግን የጠየቀው አራት መስመር ስለሆነ የሚያስፈልገው የአራት መስመር ማስረጃ ነው።

እዚህ ላይ ሁለት ነገር ላስታውስ። አይአርኤስ ምርመራ የሚጀምረው በፖስታ ነው። ስልክ ደውሎ «ኦዲት ላይ ነህ፣ አሁኑኑ በጊፍት ካርድ ክፈል» የሚል ሰው ሌባ ነው። ሁለተኛ፣ ሲፒ2000 የሚባለው ማስታወቂያ ከዚህ የተለየ ነው። እሱ አሠሪ ወይም ባንክ ለመንግሥት ያሳወቀው ገቢ እርስዎ ካስገቡት ጋር አልተመሳሰለም የሚል ነው፤ የወጪ ደረሰኝ አይጠይቅም።

ሾፌሩ ደብዳቤውን ባየ በማግስቱ ያደረገው ነገር ትክክል ነበር። ደብዳቤው ላይ ባለው የፋክስ ቁጥር ተጨማሪ ጊዜ እንዲሰጠው በጽሑፍ ጠየቀ። በፖስታ ለሚካሄድ ምርመራ አይአርኤስ አብዛኛውን ጊዜ አንድ ጊዜ ተጨማሪ 30 ቀን ይሰጣል። ጥያቄው መግባት ያለበት ግን የመጀመሪያው ቀነ ገደብ ከማለፉ በፊት ነው፤ የተላከበትን ማረጋገጫ ወረቀትም መያዝ ያስፈልጋል።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ እንግባ። ሾፌሩ ያለው ደረሰኝ በእጅ ጓንት ሳጥን ውስጥ የታጨቀ አንድ እፍኝ ወረቀት ነው። ግማሹ ፀሐይ መትቶት ነጭ ሆኗል፤ በሙቀት የሚታተም ወረቀት መኪና ውስጥ አይበረክትም። የጉዞ መዝገብ የለውም። ግብሩን የሠራለት ሰው «ስንት ማይል ነዳህ?» ሲለው «ሃምሳ ሺህ ይሆናል» ብሎ ነበር። 48,000 ተብሎ ተሞላ። ለ2023 የተፈቀደው በማይል 65.5 ሳንቲም ስለነበር ከገቢው 31,440 ዶላር ተቀነሰለት።

ደረሰኝ የሌለው ወጪ ሁሉ አንድ ዓይነት አለመሆኑን የሚያሳይ የቆየ ታሪክ አለ። ጆርጅ ኮሃን በብሮድዌይ ስመ ጥር የነበረ የቴአትር ሰው ነው። ለጉዞና ለግብዣ ብዙ ገንዘብ ያወጣ ነበር፤ ደረሰኝ ግን አልያዘም። ጉዳዩ ይግባኝ ሰሚ ፍርድ ቤት ደረሰና በ1930 ዳኛው ለርንድ ሃንድ ፈረዱ። ሰውየው ወጪ ማውጣቱ ግልጽ ስለሆነ ምንም አይታሰብለት ማለት አይቻልም፤ በግምት ይታሰብለት፣ ግን መዝገብ ያልያዘው ራሱ ስለሆነ ግምቱ ጠበቅ ይበልበት አሉ። ይህ ፍርድ እስከ ዛሬ የኮሃን ደንብ ይባላል። ወጪው መውጣቱን የሚያሳይ አንዳች መሠረት እስካለ ድረስ ለዕቃ፣ ለስልክ፣ ለጥገና መሣሪያ ዛሬም ሊጠቀስ ይችላል።

ለጉዞ ግን በሩ ተዘግቷል። ኮንግረስ በ1962 ባወጣው ሕግ ለጉዞ፣ ለግብዣና ለስጦታ ወጪ በግምት ማሰብን ከለከለ። በኋላ በ1984 ለግልም ለሥራም የሚውሉ መኪኖች በዚሁ ሥር ገቡ። ስለዚህ የሥራ ማይል ለማስቀነስ መቼ፣ ወዴት፣ ስንት ማይልና ለምን የሚሉትን አራት ጥያቄዎች መመለስ ግድ ነው። መኪናው ማለት ይቻላል ከሰው ማመላለስ ሌላ ሥራ የማይሠራ ሙሉ ታክሲ ከሆነ ሕጉ ይላላለታል። የእኛ ሾፌር ግን በዚያው መኪና ልጆቹን ትምህርት ቤት ያደርሳል፣ እሑድ ቤተሰቡን ይዞ ይወጣል። ጥብቁ ደንብ ይመለከተዋል።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ቦታ ነው። ደብዳቤው ከመጣ በኋላ ማስታወሻ ደብተር ገዝቶ ቁጭ ይላል። በአንድ እስክሪብቶ፣ በአንድ ሌሊት የዓመቱን መዝገብ ይሞላል። ሰኞ 150 ማይል፣ ማክሰኞ 150 ማይል፣ ረቡዕ 160። እኛ ሾፌር ጓደኞቹ የመከሩት ይህንኑ ነበር። ጥር ውስጥ ግን ለጥምቀት አዲስ አበባ ሄዶ ሦስት ሳምንት ቆይቷል። ደብተሩ በዚያ ሦስት ሳምንት ውስጥ በየቀኑ 150 ማይል ቢያሳይ መርማሪው የሚያየው ስህተት ሳይሆን ማታለል ነው። ማታለል ከተረጋገጠ ቅጣቱ ካልተከፈለው ግብር ላይ 75 በመቶ ይሆናል፤ ያን ዓመት ለመመርመር ያለው የጊዜ ገደብም ይነሳል።

መዝገብን ዘግይቶ ማዘጋጀት ክልክል አይደለም። የሚከለከለው በጊዜው የተጻፈ አስመስሎ ማቅረብ ነው። ሾፌሩ የሠራው መዝገብ አናት ላይ «ይህ ከሚከተሉት ሰነዶች በኋላ ተሰብስቦ የተዘጋጀ ነው» ብሎ ጻፈና ሰነዶቹን አያያዘ። ሁለት ዓይነት ሰነድ ነበረው፤ ሁለቱም በጊዜው፣ በሌላ እጅ የተመዘገቡ ናቸው።

የመጀመሪያው የኡበር ዓመታዊ የግብር ማጠቃለያና የጉዞ ታሪክ ነው። አፑ በርቶ የተነዳው 36,200 ማይል ይላል። የእያንዳንዱ ጉዞ ቀን፣ ሰዓትና መነሻ መድረሻ በታሪኩ ውስጥ ስላለ አራቱን ጥያቄዎች ከሞላ ጎደል ይመልሳል። ተሳፋሪ አውርዶ ሌላ ጥሪ እስኪመጣ በሥራ ላይ የሚነዳውም ይቆጠራል። ከቤት ተነስቶ ሥራ ወደሚጀምርበት ሰፈር የሚነዳው ግን እንደማንኛውም ሠራተኛ ወደ ሥራ መሄድ ስለሆነ በአብዛኛው አይቆጠርም።

ሁለተኛው የማይል ቆጣሪው ንባብ ነው። ዘይት የሚቀየርበት ቤት ደረሰኙ ላይ ቆጣሪው ስንት እንደሚል ይጽፋል። ደረሰኙ ቢጠፋ እንኳ በታርጋው ቁጥር ከኮምፒውተራቸው አውጥተው ያትሙታል። በቨርጂኒያ በየዓመቱ የሚደረገው የመኪና ደኅንነት ምርመራ ወረቀትም ይረዳል። ሾፌሩ ጥር 4 ቀን 2023 የተቀየረበት ዘይት 61,300፣ ታኅሣሥ 29 የተቀየረበት 105,900 ይላል። መኪናው በዓመቱ ውስጥ በጠቅላላ የሄደው 44,600 ማይል ነው ማለት ነው። ልጅ ማድረሱም ገበያ መሄዱም ተደምሮ። እሱ ደግሞ ለሥራ ብቻ 48,000 ነዳሁ ብሎ ፈርሟል።

እዚህ ላይ የሾፌሩ ፊት ተለወጠ። ይህን ወረቀት ብንልክ ራሳችንን አጋልጠን አይደለም ወይ አለ። በእኔ እምነት አልነበረም። ያቀረበው ቁጥር የትም ሊጸና እንደማይችል አንዴ ካወቀ የቀረው አማራጭ ሊጸና የሚችለውን ቁጥር በራሱ እጅ ማቅረብ ነው። 36,200 ማይል በ65.5 ሳንቲም ሲባዛ 23,711 ዶላር ይሆናል። ልዩነቱን 7,729 ዶላር ራሱ ተወው፤ ለምን እንደተሳሳተም ጻፈ።

ሌሎቹ መስመሮች ቀለል ያሉ ነበሩ። የመንገድ ክፍያው 1,850 ዶላር ሙሉ በሙሉ በኢዚፓስ ሂሳብ ላይ ታየ፤ ከጉዞ ታሪኩ ጋር ስናስተያየው ግን 150 ዶላሩ አፑ በጠፋባቸው ቀናት የተከፈለ ነው። ያ ወጣ። የስልኩ 1,200 ዶላር የቤተሰቡ ሁሉ መስመር ነበር። የእሱ መስመር ድርሻ 600፣ ከዚያም ለሥራ የሚውለው በግምት አምስት እጅ ተደርጎ አራቱ እጅ፣ ማለትም 480 ዶላር ነው። ለተሳፋሪ ውሃ፣ ሶፍት፣ የስልክ ማስቀመጫና ምንጣፍ የተባለው 900 ዶላር ምንም ደረሰኝ አልነበረውም። የአባልነት ካርድ ያላቸው ትላልቅ መደብሮች የግዢ ታሪክ ያስቀምጣሉ። ከድረ ገጻቸው ሲያትመው 520 ዶላር የሚሆነው ተገኘ። ለቀሪው 380 የሚያቀርበው ነገር ስላልነበረ አልተሟገተም።

ቤንዚንና ጥገና ለምን አልተነሱም የሚል አንባቢ ይኖራል። በማይል የሚታሰበው ተመን ቤንዚኑን፣ ዘይቱን፣ ጎማውን፣ ኢንሹራንሱንና የመኪናውን እርጅና በውስጡ ይዟል። በማይል አስቀንሶ የቤንዚን ደረሰኝ ደግሞ ለብቻ መጨመር አንዱን ወጪ ሁለት ጊዜ መቀነስ ነው። ከዚህ ውጭ የሚቆጠሩት የሥራ ፓርኪንግና የመንገድ ክፍያ ናቸው። ለእነዚህና ለመሰል የጉዞ ወጪዎች ከ75 ዶላር በታች ከሆኑ ሕጉ ደረሰኙን ራሱን አይጠይቅም፤ መጠኑ፣ ቀኑ፣ ቦታውና ምክንያቱ ግን ተጽፎ መገኘት አለበት። «ከ75 በታች ደረሰኝ አያስፈልግም» የሚባለው ወሬ ይህን ሁለተኛ ክፍል ቆርጦ ነው የሚዞረው። ማደሪያ ደግሞ በዚህ ውስጥ የለም፤ ስንትም ቢሆን ደረሰኝ ይፈልጋል።

የጠፋ ደረሰኝን የሚያስረዳ ደብዳቤ አጭር መሆን አለበት። የሾፌሩ ደብዳቤ አንድ ገጽ ተኩል ነበር። ለእያንዳንዱ መስመር አንድ አንቀጽ አለው። አንቀጹ በግብር ማስታወቂያው ላይ ምን ያህል እንደተጻፈ፣ አሁን ምን ያህሉን ማሳየት እንደሚችል፣ በየትኛው አባሪ እንደሚያሳይና የቀረው ለምን እንደሌለ ይናገራል። «ደረሰኙ በሙቀት ጠፍቷል፤ በዚህ ቀን በባንክ ካርዴ የተከፈለው ይኸው፣ መደብሩ ያተመልኝ የግዢ ዝርዝር ይኸው።» የባንክ ዝርዝር ብቻውን ገንዘብ መውጣቱን እንጂ ምን እንደተገዛ አያሳይም። ለዚህ ነው ከሻጩ የወጣ ወረቀት አብሮት ሲሄድ ክብደት የሚያገኘው። ይቅርታ መለመን፣ የኑሮ ችግር መዘርዘር መርማሪውን አይረዳውም፤ ሕጉ የሚጠይቀውን ብቻ ነው የሚያየው። ሰነዱ የጠፋው በእሳት ወይም በጎርፍ ከሆነ ግን ያንኑ በማስረጃ ማሳየት ይገባል። ከሰው አቅም በላይ በሆነ ምክንያት መዝገብ የጠፋበት ሰው የመኪና ወጪውን እንኳ አሳማኝ በሆነ መንገድ መልሶ እንዲገነባ ደንቡ ይፈቅድለታል። ቤት ስቀይር ጣልኩት የሚለው ምክንያት እዚህ ውስጥ አይገባም።

ኦሪጅናል ሰነድ አይላክም፤ ቅጂው ነው የሚላከው። የመጣው ደብዳቤ ቅጂ ከላይ ይሆናል፤ እያንዳንዱ ገጽ ስምና የግብር ዓመት ይጻፍበታል። በፖስታ ከሆነ መድረሱ በሚመዘገብ ፖስታ፣ ወይም ደብዳቤው በሚጠቁመው የአይአርኤስ መስመር ላይ መጫን ይቻላል።

ወረቀት ስንልክ የእኛ ሰው ሊያስብበት የሚገባ አንድ ነገር አለ። የወጪ ማስረጃ ተብሎ የተላከ የባንክ ዝርዝር የገባውንም ገንዘብ ያሳያል። ሾፌሩ ግንቦት ላይ እቁብ ደርሶት 20,000 ዶላር አስገብቶ ነበር። ለእኛ ግልጽ ነው፤ ራሱ በየወሩ ያዋጣው ገንዘብ ተሰብስቦ መመለሱ ነው። እቁብን የማያውቅ መርማሪ ግን ያልተገለጸ ገቢ ነው ብሎ ሊጠይቅ ይችላል። ስለዚህ የተጠየቀውን ወጪ የሚያሳዩትን ገጾች መላክ ይበቃል። ጥያቄው ከመጣ ደግሞ የአባላቱ ዝርዝር፣ የየወሩ መዋጮና የደረሰበት ተራ በእቁቡ ዳኛና ጸሐፊ ፊርማ፣ ከእሱ ሂሳብ በየወሩ የወጣው ገንዘብ ጋር ተያይዞ ይቀርባል። በቃል ብቻ የሚመራ እቁብ ይህን ማሳየት ይቸግረዋል።

ውጤቱን በገንዘብ እንየው። ሾፌሩ ዝም ቢል አራቱም መስመሮች ሙሉ በሙሉ ይሰረዙ ነበር፤ 35,390 ዶላር ትርፉ ላይ ይጨመራል። በዚህ ላይ ለሶሻል ሴኩሪቲና ለሜዲኬር በግል ሥራ የሚከፈለው ግብር ብቻ 5,000 ዶላር ያህል ነው። መልስ በመስጠቱ የተሰረዘበት 8,979 ዶላር ሲሆን በዚያው ግብር 1,270 ዶላር ያህል መጣበት። የገቢ ግብሩና ወለዱ ከዚህ ውጭ ናቸው። በቸልተኝነት የሚጣለው 20 በመቶ ቅጣትም ሊነሳ ይችላል፤ በቅን ልቦና መሥራቱን ማሳየት የቻለ ሰው እንዲነሳለት መጠየቅ መብቱ ነው።

መርማሪው ማስረጃውን ካየ በኋላ ፎርም 4549 የተባለ ስሌት ይልካል። የተስማማ ይፈርማል፤ በአንዴ መክፈል ካልቻለ በየወሩ እንዲከፍል መዋዋል ይችላል። ያልተስማማ አብዛኛውን ጊዜ ይግባኝ የሚጠይቅበት 30 ቀን ያገኛል። ከዚያም ካልተፈታ በአደራ ደብዳቤ የሚመጣው የ90 ቀን ማስታወቂያ ነው፤ አደገኛው ይህ ነው። በ90 ቀን ውስጥ ለግብር ፍርድ ቤት ካልተከሰሰ ግብሩ ይጸናል። ይህን ቀን መርማሪው ቢያዝንም ሊያራዝመው አይችልም፤ ስልክ ላይ «ሰነድህን እያየነው ነው» መባልም ቀኑን አያቆመውም። መክፈቻው 60 ዶላር ነው፤ በዓመት እስከ 50,000 ዶላር ለሚደርስ ክርክር ቀለል ያለ ሥርዓት አለ። ክስ የተከፈተበት ጉዳይ አብዛኛውን ጊዜ ወደ ይግባኝ ክፍሉ ይመለስና ሰነዱ እንደገና ይታያል። ቀኑ ያለፈበት ሰው አዲስ ሰነድ ይዞ ምርመራው እንደገና እንዲታይለት ማመልከት ይችላል፤ ያ ግን የአይአርኤስ ፈቃድ እንጂ እንደ ፍርድ ቤቱ በር መብት አይደለም።

ግብር የሠራልን ሰው ሁሉ በምርመራ ሊወክለን አይችልም። ጠበቃ፣ ሲፒኤ ወይም ኢንሮልድ ኤጀንት ይችላል። የምዝገባ ቁጥር ብቻ ያለው አዘጋጅ አይችልም። ገቢው ዝቅተኛ ለሆነ ሰው በነፃ ወይም በትንሽ ክፍያ የሚከራከሩ የታክስ ክሊኒኮች አሉ፤ ሊያግዙ የተቋቋሙትም እንግሊዝኛ ለሚከብዳቸው ሰዎች ጭምር ነው።

ሾፌሩ ሲጨርስ የጠየቀኝ ይህን ሁሉ ወረቀት መቼ ልጣለው የሚል ነበር። መሠረቱ ሦስት ዓመት ነው፤ የሚቆጠረው ግብሩ ከገባበት ወይም ሊገባ ከሚገባበት የመጨረሻ ቀን፣ ከሁለቱ ከዘገየው ነው። የ2023ን በየካቲት ቢያስገባም እንደ ሚያዝያ 15 ቀን 2024 ይቆጠራል፤ ስለዚህ እስከ ሚያዝያ 15 ቀን 2027 ይያዝ። ጊዜ አስራዝሞ ጥቅምት 15 ያስገባ ደግሞ እስከ ጥቅምት 15 ቀን 2027። ካሳወቀው ጠቅላላ ገቢ ከሩብ የሚበልጥ የቀረበት ሰው ስድስት ዓመት ሊመረመር ይችላል። ከአፑ ውጭ በጥሬ ገንዘብ ሰው የሚያመላልስ ይህን ልብ ይበል። ጭራሽ ግብር ላላስገባ ሰው የሚቆም ሰዓት የለም። ክፍለ ግዛቶችም የየራሳቸው ቆጠራ አላቸው፤ ካሊፎርኒያ ለምሳሌ አራት ዓመት ነው። እኔ ለሰው የምለው ሰባት ዓመት ያዙ ነው፤ በስልክ ፎቶ ተነስቶ በሥርዓት የተቀመጠ ቅጂ ተቀባይነት ስላለው ቦታ አይፈጅም።

የመኪናው የግዢ ወረቀት ግን በዚህ አይገዛም። በማይል ተመን ውስጥ የእርጅና ድርሻ አለ፤ በ2023 ከ65.5 ሳንቲሙ 28ቱ እሱ ነበር። መኪናው ሲሸጥ ትርፍ ወይም ኪሳራ የሚሰላው ከግዢው ዋጋ ላይ ይህ ሁሉ ተቀንሶ ነው። ስለዚህ የግዢው ውልና የየዓመቱ ማይል መኪናው እስኪሸጥ፣ ከዚያም የተሸጠበት ዓመት ግብር ከገባ በኋላ ሌላ ሦስት ዓመት ይቀመጣል። ሾፌሩ መኪናውን የገዛው በ2021 ነው፤ አሁንም ይነዳዋል። ፀሐይ የመታቸውን ደረሰኞች ጣላቸው፤ የግዢውን ውል በፕላስቲክ አድርጎ ከልጆቹ የልደት ምስክር ወረቀት ጋር አስቀመጠው።